ክሎሮኪን፣ ኮአርተም ወይስ ፕሪማኪን? የወባን መድኃኒት በሚገድልበት ቦታ መምረጥ

ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሞ «የወባ መድኃኒት ስጡኝ» የሚል ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ጥያቄው ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ክሎሮኪን፣ ኮአርተምና ፕሪማኪን አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ እንጂ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የሐሩር ክልል ሕክምና የሚማሩ ተማሪዎችም መጀመሪያ የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። «የትኛው ይበረታል?» ይላሉ። እኔ ሁሌም የምመልስላቸው «ማንን ለመግደል? የት የተቀመጠውን?» ብዬ ነው።

ጥያቄው ለእኛ አካባቢ የተለየ ክብደት አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ የሚታየው ወባ ባብዛኛው ከቆላ ተይዞ የወጣ ነው። የሐረጎን ዳገት ወርዳችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል፤ ወደ ሐርቡ፣ ከሚሴና ባቲ ስትወርዱ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ደርሶ የሚመለስ ሠራተኛ አለ። ከአብዛኛው አፍሪካ በተለየ ደግሞ እኛ ዘንድ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የሚባሉት ሁለቱ የወባ ዓይነቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንድ ሰው በአንድ ወቅት ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ ምርመራው የሚያሳየው ግን አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

ትንኟ ስትነክስ የሚገባው ተሐዋሲ ደም ውስጥ አይቆይም፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ጉበት ይገባል። እዚያ ለሳምንት ወይም ትንሽ ዘለግ ላለ ጊዜ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ይባዛል። ከዚያ ወደ ደም ይፈስና በየሁለት ቀኑ ቀይ የደም ሴሎችን እየሰበረ ይወጣል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ይኼኔ ነው። ጥቂቶቹ ደግሞ ወንድና ሴት ሆነው ሌላ ትንኝ እስክትወስዳቸው ይጠብቃሉ። ቫይቫክስ ከዚህ በላይ አንድ ተንኮል አለው፦ ጉበት ከገቡት ውስጥ የተወሰኑት ሳይባዙ ይተኛሉ፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃሉ። ፋልሲፓረም የሚተኛ የለውም።

ደም ውስጥ ላለው፦ ክሎሮኪን ከኮአርተም ጋር ሲወዳደር

ቀይ የደም ሴል ውስጥ የገባ ተሐዋሲ የሚኖረው ሄሞግሎቢን እየበላ ነው። ፕሮቲኑን ይፈጨዋል፤ ብረት የያዘው ሂም የሚባለው ክፍል ግን ይተርፈዋል። ሂም ሲጠራቀም መርዝ ነው። ስለዚህ ተሐዋሲው ወደማይጎዳ ክሪስታል ይለውጠዋል። መስታወት ላይ የተቀባውን ደም፣ ማለትም ብለድ ፊልም፣ በማይክሮስኮፕ ስታዩ በሰል ባለ ተሐዋሲ ውስጥ የምታገኙት ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ይኸው ክሪስታል ነው።

ክሎሮኪን የሚመታው እዚህ ላይ ነው። አሲድ ወደበዛበት ወደ ተሐዋሲው የምግብ ከረጢት ይገባል፤ አሲዱ ቻርጅ ስለሚያስይዘው መውጣት አቅቶት እዚያው ይከማቻል፤ ሂሙም ክሪስታል እንዳይሆን ያግዳል። ተሐዋሲው በገዛ ምግቡ ትራፊ ተመርዞ ይሞታል።

ፋልሲፓረም ለዚህ ያገኘው መውጫ ለመረዳት አይከብድም። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ሲአርቲ የሚባል አጓጓዥ ፕሮቲን አለ። 76ኛው ቦታ ላይ ያለው ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ በትሪዮኒን ሲተካ፣ ከሌሎች ለውጦች ጋር ተደምሮ፣ ፕሮቲኑ ክሎሮኪንን እየጠረገ የሚያወጣ በር ይሆናል። ሂም ያው ሂም ነው፤ መድኃኒቱ እሱ ዘንድ መድረስ ነው ያቃተው። ይህ መላመድ በ1950ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ አሜሪካ ታየ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ። ኢትዮጵያ በ1998 ለፋልሲፓረም ክሎሮኪንን ትታ ፋንሲዳርን ያዘች፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ስለከዳ በ2004 ኮአርተም ገባ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም ከቀረ ይህን ያህል ዓመት ከሆነው ለምን እንደገና አይሠራም? ማላዊ ላይ እኮ ሠርቷል። ማላዊ መድኃኒቱን በ1993 አቆመች፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በር የነበረው ተሐዋሲ ጠፍቶ ክሎሮኪን ፋልሲፓረምን መልሶ ያድን ጀመር። መድኃኒቱ በሌለበት በሩን ተሸክሞ መኖር ለተሐዋሲው ኪሳራ ነውና። እኛ ግን ለቫይቫክስ ክሎሮኪን መስጠታችንን አላቋረጥንም። ሁለቱ ተሐዋስያን አንድ ሰፈር ስለሚኖሩ ፋልሲፓረም ከክሎሮኪን ጋር መገናኘቱን አልተወም፤ በሩንም ይዞ ቆየ። ስለዚህ «ክሎሮኪን ድሮ ያድነኝ ነበር» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የያዘው ቫይቫክስ ሳይሆን አይቀርምና። ቫይቫክስ ላይ ክሎሮኪን እስካሁን ይሠራል። በፓፓዋ ኒው ጊኒ በ1989 የተላመደ ቫይቫክስ ተገኝቷል፤ እኛም አገር አልፎ አልፎ ሳይድን የቀረ ታካሚ ተመዝግቧል፤ መድኃኒቱን ከቦታው የሚያስነሳ ግን አልሆነም።

ኮአርተም አንድ ፍሬ ውስጥ ሁለት መድኃኒት ነው፦ 20 ሚሊ ግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊ ግራም ሉሜፋንትሪን። አርቴሜተር የአርቴሚሲኒን ልጅ ነው፤ አርቴሚሲኒንን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቻይና ዕፅ ያወጡት ቱ ዮዮ በ2015 ኖቤል ተሸልመውበታል። ሞለኪዩሉ ውስጥ ሁለት ኦክስጅኖች የተያያዙበት ድልድይ አለ። የሂሙ ብረት ይህን ድልድይ ሲሰብረው የሚፈጠረው ነገር በአጠገቡ ካገኘው ፕሮቲን ሁሉ ጋር ይጣበቃል። ክሎሮኪን ሂም እንዳይወገድ ያደርጋል፤ አርቴሜተር ግን ሂሙን እንደ ክብሪት ይጠቀምበታል። የሚያቃጥለው ብዙ ፕሮቲን ስለሆነ ተሐዋሲው አንዱን ዒላማ ለውጦ ሊያመልጥ አይችልም።

ታዲያ በየት በኩል አመለጠ? ክብሪቱን በማሳነስ። ኬልች 13 የሚባለው ፕሮቲን ተሐዋሲው ሄሞግሎቢን ለመዋጥ ይረዳዋል። ፕሮቲኑ ሲለወጥ ገና ቀለበት መሳይ የሆነው ለጋ ተሐዋሲ የሚበላው ይቀንሳል፣ እድገቱም ይዘገያል። ያልበላ ሂም አያወጣም፤ ሂም ከሌለ ደግሞ አርቴሜተር አይቀጣጠልም። አርቴሜተር በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚጠፋ ጦም ያደረው ተሐዋሲ ተርፎ ይነሣል። ይህ መጀመሪያ ካምቦዲያ ላይ በስፋት የታየ ነው። የኛው አገር ለውጥ 622ኛው ቦታ ላይ ነው፤ ጎንደር አካባቢ ከተገኘ በኋላ ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ በተሠራና በ2023 በታተመ ጥናት 8 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ታይቷል።

ይህ ማለት ግን ኮአርተም አይሠራም ማለት አይደለም። መላመዱ ከፊል ነው፤ ምልክቱ መዘግየት ነው። የሚታየውም ሕክምናው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ማለትም 72 ሰዓት ሲሞላ፣ ብለድ ፊልም ላይ አሁንም ተሐዋሲ ካለ ነው። የተረፈውን የመጨረስ ሥራ የሉሜፋንትሪን ነው፤ እሱ ደም ውስጥ ቀናት ይቆያል። ታካሚው የሚድነውም የማይድነውም ሉሜፋንትሪን በቂ ሆኖ በመገኘቱ ወይም ባለመገኘቱ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ተሐዋሲ ከታየበት ሰው የደም ጠብታ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ተወስዶ ለዘረ መል ምርመራ ቢላክ ለአገር ይጠቅማል፤ ለታካሚው ግን የሚበጀው ኪኒኑን መጨረሱና ክትትሉ ነው።

እዚህ ላይ ምግብ ይመጣል። ሉሜፋንትሪን ከቅባት ጋር ካልተወሰደ አንጀት ውስጥ አልፎ ይሄዳል። በባዶ ሆድ የዋጠ ሰው ሃያ አራቱንም ፍሬ ጨርሶ ግማሽ ሕክምና ብቻ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቅባት አያስፈልግም፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም ዘይት ያለው ወጥ ይበቃል። ወሎ ላይ ይህ ምክር ከጾም ጋር ይጋጫል፤ ወተት ካልሆነ ሱፍ፣ ለውዝ ወይም ዘይት ጠብ ያለበት ሽሮ እንደሚሆን ባለሙያው ራሱ ማንሣት አለበት፤ ታካሚው አያነሣውምና። ረመዳን ላይ ደግሞ ችግሩ ቅባቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ ሁለተኛው ዶዝ ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ መወሰድ አለበት። በሽተኛ ጾሙን ማፍጠር እንደሚፈቀድለት ብዙዎቹ ያውቁታል፤ ሆኖም ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር ላጣጥመው እያሉ ሁለተኛውን ዶዝ ሲያዘገዩ አይቻለሁ።

ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ነው። ፋልሲፓረም ከሆነ ወይም ሁለቱም ካሉ ኮአርተም ነው። ቫይቫክስ ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ ክሎሮኪን ነው። ኮአርተም ቫይቫክስንም ደም ውስጥ ይገድላል፣ እንዲያውም ይፈጥናል። ክሎሮኪን ግን ደም ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ከጉበት መጀመሪያ የሚነቃውን ቫይቫክስ ሲወጣ ጠብቆ ይመታዋል። ሉሜፋንትሪን ያን ያህል አይቆይም፤ ስለዚህ ከኮአርተም በኋላ ቫይቫክስ ቶሎ ይመለሳል።

ጉበት ውስጥ ለተኛው፦ ፕሪማኪን

ክሎሮኪንም ኮአርተምም የሚሠሩት ሂም ላይ ነው። ጉበት ውስጥ የተኛ ተሐዋሲ ሄሞግሎቢን አይበላም፤ ሂም የለውም። ስለዚህ ሁለቱም አይነኩትም። ይህ የዶዝ ማነስ ወይም የመላመድ ጉዳይ አይደለም።

ፕሪማኪን ሌላ መንገድ ይሄዳል። ራሱ መድኃኒቱ አይደለም የሚገድለው፤ ጉበታችን የሚለውጠው ንጥረ ነገር ኦክሲጅን ነክ መርዝ እየፈጠረ የተኛውን ተሐዋሲ ያጠፋል። ሳይሳካ ሲቀር እንደ ሲአርቲ ወይም እንደ ኬልች 13 የሚጠቆም የታወቀ የተሐዋሲ ለውጥ የለም። የሚጠቆሙት ሌሎች ናቸው፦ ታካሚው 14ቱን ቀን አልጨረሰም፣ ዶዙ ለክብደቱ አነሰ፣ ወይም ጉበቱ መድኃኒቱን በደንብ የማይለውጥ ሰው ሆኖ ተፈጠረ። ከሦስቱ የመጀመሪያው ይበዛል፤ ትኩሳቱ በሦስት ቀን ከጠፋለት ሰው አሥራ አንድ ቀን ተጨማሪ ኪኒን መጠበቅ ከባድ ነው።

ያው መርዝ ቀይ የደም ሴልንም ይጎዳል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ያለው ሰው ሴሎቹ ይቋቋሙታል፤ ኢንዛይሙ ያነሰው ሰው ግን ደሙ ይፈርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ከወትሮው የበለጠ ከደከመውና ትንፋሽ ካጠረው ኪኒኑ ወዲያው ይቆማል። ምርመራው ካለ አስቀድሞ ይሠራል። የኢንዛይሙ እጥረት ያለበት ሰው በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት አንዴ በኪሎ 0.75 ሚሊ ግራም ለ8 ሳምንት፣ በቅርብ ክትትል ሊወስድ ይችላል። ነፍሰ ጡርና ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን አይሰጣቸውም፤ ያን ያህል ሕፃን የምታጠባም እናት እንዲሁ።

ፕሪማኪን ሌላም ሥራ አለው። ለፋልሲፓረም አንዴ ብቻ በኪሎ 0.25 ሚሊ ግራም የሚሰጠው ታካሚውን ለማዳን አይደለም፤ ኮአርተም በደንብ የማይገድላቸውን የበሰሉ ወንድና ሴት ተሐዋስያን ገድሎ ትንኟ ይዛ እንዳትሄድ ነው። አንድ ቀን የሚወሰደውንና 14 ቀን የሚወሰደውን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው።

ለጠናበት፦ አርቴሱኔት መርፌ

ራሱን የሳተ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚውጠውን ሁሉ የሚያስመልስ ወይም መቆም ያቃተው ታካሚ የሚዋጥ መድኃኒት አይጠብቅም፤ ሌላው የአርቴሚሲኒን ልጅ አርቴሱኔት በመርፌ ይሰጠዋል። የደሴ ሰው ብዙ ጊዜ ወባ ስላልያዘው የመከላከል አቅም አላዳበረም፤ ቆላ ደርሶ ሲመለስ ቶሎ ሊጠናበት ይችላል። አርቴሱኔት ኪኒንን (ማለትም የድሮውን መራራ መድኃኒት) ያሸነፈው ለጋ ቀለበቶችን ስለሚገድል ነው። የፋልሲፓረም ለጋ ቀለበት ሲበስል የአንጎልና የሌላ አካል ትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ኪኒን የሚደርስበት ከበሰለ በኋላ ነው። 5,425 አፍሪካውያን ሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ2010 የወጣው ሙከራ ሞትን በ22.5 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 2.4 ሚሊ ግራም ሲሰላ 144 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህም ባለ 60 ሚሊ ግራሙ ብልቃጥ ሦስት ያስፈልገዋል። ሲገባ፣ 12 ሰዓት ላይ፣ 24 ሰዓት ላይ፣ ከዚያም መዋጥ እስኪችል በየቀኑ ይሰጣል። መርፌው ሲያበቃ ሙሉ የኮአርተም ኮርስ ካልተከተለ ተሐዋሲው ይመለሳል፤ አርቴሱኔት ብቻውን በደም ውስጥ አይቆይምና።

አንድ ታካሚ

ተማሪዎች ላይ የምጥለው ጥያቄ ይህ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ኅዳር ላይ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ኮምቦልቻ ተመልሶ ያተኩሰዋል። ጤና ጣቢያ ብለድ ፊልሙ ፋልሲፓረም ይላል። ኮአርተም አራት አራት ፍሬ፣ ስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከዘይት ጋር ወሰደ፤ 15 ሚሊ ግራም ፕሪማኪንም አንዴ ዋጠ። ሦስተኛው ቀን ፊልሙ ንጹሕ ነው። በ38ኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ። ከኮምቦልቻ አልወጣም።

ብዙዎቹ «ኮአርተም ተላምዷል» ብለው ይቸኩላሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ፊልሙ አሁን የትኛውን ዓይነት እንደሚያሳይ ነው። ፈጣን ምርመራ ብቻ ተሠርቶ «ፋልሲፓረም» ቢል አላምነውም፤ ኤችአርፒ2 የሚባለውን ፕሮቲን የሚፈልገው ምርመራ ተሐዋሲው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። በተገላቢጦሹ፣ እኛ አገር ይህን ፕሮቲን ያጡ ፋልሲፓረሞች ስለተገኙ ነጌቲቭ መልሱም ሊያታልል ይችላል። ለክትትል የሚታመነው ማይክሮስኮፑ ነው።

ፊልሙ ቫይቫክስ አለ። ሦስተኛው ቀን ንጹሕ ነበር፣ 38ኛው ቀን ላይ ሌላ ዓይነት መጣ። መተማ ላይ ሁለቱንም ይዞ ሳይሆን አይቀርም፤ ፋልሲፓረሙ ደም ውስጥ ሲታይ ቫይቫክሱ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ነበር። ኮአርተም ሥራውን ሠርቷል። የወሰደው ፕሪማኪንም ለትንኟ የተሰጠው የአንድ ቀኑ ነው፤ የተኛውን ለመግደል አይበቃም። ፋልሲፓረም ታክሞ ከሳምንታት በኋላ ቫይቫክስ መምጣቱ ሁለቱ በሚኖሩበት አገር ሁሉ የተለመደ ነው።

አሁን የሚሰጠው ክሎሮኪን ነው፦ በመጀመሪያው ቀን 150 ሚሊ ግራም ቤዝ የያዘ አራት ፍሬ፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው ሁለት። ድምሩ 1,500 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በኪሎ 25 ይሆናል። የጂ6ፒዲ ምርመራው ደህና ከሆነ 15 ሚሊ ግራም ፕሪማኪን በየቀኑ ከምግብ ጋር ለ14 ቀን ይጨመራል፤ ሰባተኛው ቀን ተመልሶ እንዲታይ ይቀጠራል። የመጀመሪያው ዶዝ ከተወሰደ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቢያስመልሰው ሙሉው ይደገማል።

ያው ሰው ግን ትኩሳቱ በ21ኛው ቀን ቢመለስና ፊልሙ እንደገና ፋልሲፓረም ቢል ምርጫው ሌላ ነው። ፋልሲፓረም የሚተኛ የለውም፤ ስለዚህ ወይ አልጠፋም ነበር፣ ወይም እንደ አዲስ ይዞታል። አዲስ መሆኑን የሚለየው የሁለቱን ጊዜ ተሐዋሲ ዘረ መል የሚያነጻጽር ላቦራቶሪ ነው፤ ጤና ጣቢያ ላይ የለም። ያለው ጥያቄ ነው፦ ስድስቱንም ዶዝ ጨረሰ? ምን በልቶ ዋጠው? አስመለሰው? ለታመመ ወንድሙ ከፍሎ ሰጠ? ከሁሉም ነጻ ከሆነ በ28 ቀን ውስጥ ስለተመለሰ ሕክምናው እንዳልሠራ ይቆጠራል፤ ያው ኮአርተም አይደገምም። ሌላ የአርቴሚሲኒን ጥምር፣ ለምሳሌ ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒን ከፒፔራኪን ጋር፣ ካልተገኘም መራራው ኪኒን ከዶክሲሳይክሊን ወይም ከክሊንዳማይሲን ጋር ይታዘዛል። ሁለቱን የደም ጠብታዎች ማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ ማስቀመጥም ያኔ ነው።